ከቲሊ መጽሐፍ እስከ ጎጃም ገበሬ፦ አንድ የቃል ፈተና ጥያቄ እንዴት ይወጣል?

«ቻርልስ ቲሊ ስለ አገረ መንግሥት ምሥረታ ያቀረበውን ንድፈ ሐሳብ አብራራ።» እንዲህ ያለ ጥያቄ በጽሑፍ ፈተና ላይ ቢወጣ ብዙም ጉዳት የለውም። ተማሪው ጊዜ አለው፤ የጻፈውን ሰርዞ እንደገና ይጽፋል፤ መምህሩም ወረቀቱን ደጋግሞ ያነባል። ይኸው ጥያቄ ወደ ቃል ፈተና ሲዛወር ግን ከንቱ ይሆናል። ተማሪው ፈታኙ ፊት ተቀምጦ ሌሊቱን ያጠናውን የሦስት ደቂቃ ንግግር ይወጣዋል፤ ፈታኙ እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁለቱ ሲለያዩም ተማሪው ሐሳቡን ተረድቶት ይሁን ሸምድዶት የሚታወቅ ነገር የለም።

የቃል ፈተና ከጽሑፍ የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፤ ፈታኙ መልሱን ከሰማ በኋላ እንደገና መጠየቅ ይችላል። ይህን ዕድል የማይጠቀም ጥያቄ ለቃል ፈተና አልወጣም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥያቄ የሚያወጣ መምህር የሚያዘጋጀው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አንድ ሙሉ ንግግር ነው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ሊመጡ የሚችሉትን መልሶች፣ ለእያንዳንዱ መልስ የሚከተለውን ጥያቄና ተማሪው ሲደናቀፍ የሚሰጠውን ፍንጭ።

የአገረ መንግሥት ምሥረታ ሴሚናር ለዚህ ዓይነቱ ዝግጅት በጣም የተመቸ ነው። የትምህርቱ ዋና ጥያቄ ለመናገር ቀላል፣ ለመመለስ ግን ከባድ ነው፦ ግብር የሚሰበስብ፣ ሠራዊት ያለውና በአንድ ግዛት ላይ ሕጉ የሚሠራ መንግሥት ከየት መጣ? አንዳንዱ አገር ሲሳካለት ሌላውስ ለምን አቃተው?

ቲሊ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ነበር። እሱ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ1500 በአውሮፓ ብዙም ይነስም ራሳቸውን የቻሉ አምስት መቶ ያህል የፖለቲካ ኃይሎች ነበሩ፤ በ1900 የቀሩት ሃያ አምስት ገደማ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ተዋጡ። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ የዚህን ምክንያት ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ንጉሥ ይዋጋል፤ ጦርነት ገንዘብ ይበላል፤ ገንዘቡ ያለው በነጋዴውና በባለመሬቱ እጅ ነው። ገንዘቡን ለማግኘት ሀብት የሚቆጥር፣ የሚመዘግብና የሚያስከፍል ሰው ያስፈልጋል። ከፋዩም ዝም ብሎ አይሰጥም፤ በለውጡ መብት፣ ዳኝነት ወይም በምክር ቤት ድምፅ ይጠይቃል። ጦርነቱ ሲያበቃ ወታደሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤትና ድርድሩ የወለደው ምክር ቤት ግን ይቀራሉ።

በሴሚናሩ የንባብ ዝርዝር ውስጥ ከቲሊ ጎን ብዙ ጊዜ ሁለት ሌሎች መጻሕፍት ይቀመጣሉ። ሚጌል ሴንቴኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ሥራው ላቲን አሜሪካን ይመረምራል። በዚያ ጦርነት ነበረ፤ ገዥዎቹ ግን ወጪውን ከውጭ በተበደሩት ገንዘብና ከወደብ በሚሰበሰብ ቀረጥ ይሸፍኑ ስለነበር የራሳቸውን ሕዝብ ግብር የሚያስከፍል ሥርዓት ለማቆም አልተገደዱም። ጄፍሪ ኸርብስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ አፍሪካ ሲጽፍ፣ ሕዝብ ተበታትኖ በሚኖርበት ሰፊ ምድር ሥልጣንን እስከ ዳር ማድረስ ውድ እንደሆነ ያሳያል። በዚያ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተወረሱት ድንበሮች እንዳሉ ይጽኑ ብሎ ስለወሰነ፣ ደካማ መንግሥት በጎረቤቱ እዋጣለሁ የሚለው ሥጋት ቀንሷል ይላል።

መምህሩ አሁን ጥያቄ ለማውጣት ተቀምጧል። ልምድ ያላቸው ፈታኞች ከጥያቄው በፊት መልሱን ይጽፋሉ፤ ጥሩ ተማሪ ምን ሲል መስማት እፈልጋለሁ? በዚህ ሴሚናር የሚፈለገው መልስ «ጦርነት አገረ መንግሥትን ይሠራል» የሚለው መፈክር አይደለም። የሚፈለገው ተማሪው ሰንሰለቱን ቀለበት በቀለበት እንዲያውቀው፣ ባላጠናው ታሪክ ላይ ሲያየው የትኛው ቀለበት እንደተበጠሰ እንዲለይና ንድፈ ሐሳቡ የት ላይ እንደሚያበቃ እንዲናገር ነው። ይህ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ብዙ ጥያቄዎች በራሳቸው ይወድቃሉ። «ጦርነት አገረ መንግሥትን ይሠራል ትላለህ?» የሚለው በአዎ ወይም በአይደለም ስለሚያልቅ ይወድቃል። «ቲሊን፣ ሴንቴኖንና ኸርብስትን አነጻጽር» የሚለውም ይወድቃል፤ ሦስት ትላልቅ መጻሕፍትን በአንድ ትንፋሽ ስለሚጠይቅ ተማሪው የቀለለውን መርጦ ይሮጣል፤ ፈታኙም ስለቀሩት ሁለቱ ምንም ሳያውቅ ጊዜው ያልቃል።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ በሴሚናሩ ያላነበቡት፣ ግን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ሊነገር የሚችል ታሪክ ይፈለጋል። ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ሴሚናር ከሚመቹት አንዱ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የተነሣው የገበሬዎች ዓመፅ ነው። መምህሩ ታሪኩን በግማሽ ገጽ ካርድ ላይ አሳጥሮ ይጽፈዋል፤ ተማሪው ከመግባቱ በፊት አምስት ደቂቃ ያነበዋል። ካርዱ እንዲህ ሊል ይችላል፦

«የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በ1960 ዓ.ም. አሥራትን አስቀርቶ በምትኩ የእርሻ ገቢ ግብር ጣለ። አዲሱ ግብር የሚተመነው ገበሬው ከመሬቱ በሚያገኘው ገቢ ልክ ነው። በጎጃም ብዙው ገበሬ መሬቱን የያዘው በርስት ነበር፤ መሣሪያ የታጠቀውም ጥቂት አልነበረም። ገበሬው ግምቱ መሬቱን ለመለካት፣ ልኬታውም ርስቱን ለማሳጣት የመጣ ነው ብሎ ስለጠረጠረ ገማቾቹን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፤ የጦር አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ ግን ውዝፍ ግብሩን ሰርዞ፣ የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ አንሥቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።»

ካርዱ ሁለት ነገሮችን ሆን ብሎ ትቷል። መንግሥት ገንዘቡን ከሌላ ከየት ያገኝ እንደነበር አይናገርም፤ ስለ ውጭ ጠላትም አያነሣም። እነዚህን ተማሪው ራሱ እንዲጠይቅ ይፈለጋል። በቃል ፈተና «ይህን ለመመለስ አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ» የሚል ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ተማሪ ነው፤ ለዚያም ነጥብ ሊኖረው ይገባል።

ከካርዱ በኋላ ጥያቄዎቹ እንደ መሰላል ይደረደራሉ። የመጀመሪያው እርከን መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የሚወጣው መሆን አለበት፦ «በቲሊ አስተሳሰብ ንጉሡ ወደ ጦርነት ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ቋሚ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት እስኪቋቋም ድረስ ምን ምን ይሆናል?» ይህ ጥያቄ ፍርሃትን ያበርዳል፤ ተማሪው የሰንሰለቱን ቀለበቶች በትክክል መያዙንም ያሳያል። ሁለተኛው ወደ ካርዱ ይወስዳል፦ «በዚህ ታሪክ ውስጥ ከእነዚያ ደረጃዎች የተሰናከለው የትኛው ነው?» ሦስተኛው ንድፈ ሐሳቡን ራሱን ይመረምራል፦ «ይህ ታሪክ ቲሊን ያፈርሰዋል ወይስ ሐሳቡ የሚሠራበትን ወሰን ያሳያል? በምን ምክንያት?» የመጨረሻው ሁኔታውን ይቀይራል፦ «ካርዱ ላይ ካለው አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ብትችል፣ ግብሩ እንዲሰበሰብ የትኛውን ትለውጣለህ?»

አራቱም ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው። የሚሰማ ሰው እንደሚያነብ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት አይችልም፤ ሦስት ሐረግ የተንጠለጠለበት ጥያቄ ሲነገር ተማሪው የያዘው የመጨረሻውን ሐረግ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹን ጮክ ብሎ አንብቦ በአንድ ትንፋሽ የማያልቀውን ለሁለት መክፈል ቀላል ፈተና ነው።

በተግባር ሲታይ ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል። ተማሪዋ የመጀመሪያውን እርከን በደንብ ወጥታለች፤ ፈታኙ ወደ ካርዱ ይመልሳታል።

«የተሰናከለው የትኛው ደረጃ ይመስልሻል?»

«ድርድሩ ይመስለኛል፣ መምህር። መንግሥት ለገበሬው በለውጡ ምንም አልሰጠም፤ ጠየቀ፣ አስገደደ።»

«በአውሮፓም እኮ ነገሥታት አስገድደዋል።»

«አዎ፤ ግን ገንዘቡ የግድ ስለሚያስፈልጋቸው ኋላ ላይ ለመደራደር ተገደዋል። እዚህ መንግሥት ትቶት ሄደ። ትቶት መሄድ ከቻለ ገንዘቡ ያን ያህል አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው… ገቢው ከየት ነበር?»

በዚህ ቦታ ፈታኙ ያዘጋጀውን መረጃ ይሰጣታል፦ ከቡና የወጪ ንግድና ከጉምሩክ የሚገኝ ገቢ ነበር፤ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ስምምነት መሠረትም የጦር መሣሪያ እርዳታ ይመጣ ነበር። ተማሪዋ ሴንቴኖን አንብባ ከሆነ የላቲን አሜሪካ የወደብ ቀረጥና ብድር ወዲያው ትዝ ሊላት ይገባል። ካላት ፈታኙ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ በእጁ አለ፦ «መንግሥት ከሶማሊያ ጋር በ1956 ዓ.ም. ተዋግቷል። በቲሊ አስተሳሰብ ያ ጦርነት ገበሬውን ግብር ለማስከፈል ሊገፋፋው ይገባ ነበር። ለምን አልሆነም?» ይህ ለሁሉም የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም፤ እዚህ ድረስ ለመጣ ብቻ የተቀመጠ ነው። ጥሩ መልስ የሚሆነው ጦርነቱ አጭር መሆኑን፣ የመሣሪያው ወጪም በአብዛኛው በውጭ እርዳታ መሸፈኑን አያይዞ «ጦርነት ግብርን የሚወልደው ወጪው በራስ ሕዝብ ላይ ሲያርፍ ነው» ወደሚል ሐሳብ የሚያደርሰው ነው። ሌላ መንገድም አለ፤ ኸርብስትን ይዞ ከ1964ቱ የካይሮ ውሳኔ በኋላ የመዋጥ ሥጋት ደካማ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ፈታኙ ሁለቱንም መንገዶች አስቀድሞ ጽፎ መያዝ አለበት። አለበለዚያ እሱ ያሰበውን ያልተናገረ ተማሪ የተሳሳተ ይመስለዋል።

ሁሉም ተማሪ እንዲህ አይሄድም። ሁለተኛው እርከን ላይ ዝም የሚል ይኖራል፤ ፍንጭ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፍንጮች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ይዘት የለውም፦ «ካርዱ ላይ ማን ምን እንደፈለገ ንገረኝ።» ይህ አሳብን ለማሰባሰብ ይረዳል፤ ነጥብም አያስቀንስም። ሁለተኛው ይዘት አለው፦ «ገበሬው ስለ ርስቱ ለምን ፈራ?» ይህን የተቀበለ ተማሪ የመልሱን ግማሽ ከፈታኙ ወስዷልና ነጥቡ ይቀንሳል። ፈታኞች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ዝምታው ሲከብዳቸው ይዘት ያለውን ፍንጭ ቸኩለው ይሰጣሉ፤ ለአንዱ ሰጥተው ለሌላው ይረሳሉ። ስለዚህ ፍንጮቹ ከጥያቄው ጋር በቅደም ተከተል ተጽፈው፣ የተሰጠው ፍንጭ በውጤት ቅጹ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ፍንጭ ከመስጠት በፊትም ለዝምታ አሥር ሴኮንድ ያህል መተው ያስፈልጋል፤ ለጠያቂው ረጅም ነው፣ ለሚያስበው ሰው ግን አጭር።

ከዚህ በኋላ የፍትሐዊነት ጉዳይ ይመጣል። በሴሚናሩ ሃያ አራት ተማሪዎች አሉ እንበል። ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ፈተናና አምስት ደቂቃ ለነጥብ ቢመደብ አሥር ሰዓት ይሆናል፤ ማለትም ቢያንስ ሁለት ቀን። በመጀመሪያው ቀን የገባ ተማሪ ማታ በመኝታ ክፍሉ የጎጃምን ካርድ ያወራል። ስለዚህ መሰላሉ አንድ ሆኖ ካርዶቹ የተለያዩ እንዲሆኑ ይደረጋል። ለአንዱ ጎጃም፣ ለሌላው ፖላንድ፣ ለሦስተኛው የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን።

የፖላንዱ ካርድ በምክር ቤቱ አንድ መኳንንት ብቻ «አልስማማም» ብሎ ውሳኔን ማፍረስ ይችልበት የነበረውን ሥርዓት፣ ንጉሡ ቋሚ ግብርና በቂ ሠራዊት ማቆም ማቃቱን፣ እ.ኤ.አ. በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ጎረቤቶቿ ተከፋፍለዋት አገሪቱ ከካርታ መጥፋቷን ይነግራል። የቴዎድሮሱ ካርድ ደግሞ በ1847 ዓ.ም. የነገሠው ንጉሥ ወታደሩን ከባላገር ቤት አውጥቶ ደመወዝተኛ ሊያደርግ ማሰቡን፣ ገንዘብና መሬት ለማግኘት ከቤተ ክርስቲያን ይዞታ ለመቀነስ ሲሞክር ከካህናቱ ጋር መጋጨቱን፣ ያለማቋረጥ ቢዋጋም ግዛቱ እየጠበበ ሄዶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ማብቃቱን ያስቀምጣል።

ሦስቱ ካርዶች እኩል ይከብዳሉ ወይ? ይህ ቁም ነገር ነው። ፖላንድ ቲሊ በጻፈው በአውሮፓ ታሪክ ውስጥ ስለሆነች ቀላል ልትመስል ትችላለች። የቴዎድሮስ ታሪክ በተቃራኒው ተማሪዎች ከልጅነታቸው የሚያውቁት ነው፤ አንዳንዱ ስለ ንጉሡ ጀግንነት መናገር ጀምሮ ጥያቄውን ይረሳል። መምህሩ እኩልነቱን የሚፈትሸው ለእያንዳንዱ ካርድ መልሱን ራሱ ጽፎ፣ ሁሉም ተመሳሳይ የአስተሳሰብ እርምጃ መጠየቃቸውን በማየት ነው፤ የተሰናከለ አንድ ቀለበት መለየት፣ ለዚያ ሁለት ምክንያት መስጠትና ንድፈ ሐሳቡን በአንድ ሁኔታ መገደብ። አንዱ ካርድ ሦስት ምክንያቶች ሌላው አንድ ብቻ ካለው ካርዱ ይቀየራል ወይም መረጃ ይጨመርበታል።

የጎጃሙ ካርድ የራሱ አስቸጋሪ ነገር አለው። ከዚያ አካባቢ የመጣ ተማሪ ታሪኩን ከአያቱ ሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ አካባቢ የመጣው ግን ስሙን እንኳ አያውቅም። ካርዱ መረጃውን ለሁሉም እኩል የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ከካርዱ ውጭ ያለ ታሪክ ማወቅም ነጥብ አያስገኝም። ጥያቄዎቹ ፍርድ እንዳይጠይቁም ይጠነቀቃሉ። «መንግሥት ትክክል ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ የወገኑን ታሪክ ወደ መከላከል ይገባል። «የትኛው ደረጃ ተሰናከለ?» የተባለ ግን ገዥውንም ገበሬውንም ከውጭ ሆኖ ያያቸዋል። የኢትዮጵያ ታሪክ በሚጠየቅበት ሴሚናር ይህ የቃላት ምርጫ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

የቋንቋ ጉዳይም አለ። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡን በአማርኛ አጥርቶ የሚያስረዳ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሊንተባተብ ይችላል። ሴሚናሩ የሚለካው ስለ አገረ መንግሥት ማሰብን ከሆነ፣ አነጋገር መልካም የሆነለት ተማሪ በአነጋገሩ ብቻ ነጥብ እንዳይወስድ የውጤት መስፈርቱ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ከሃያ ነጥብ ለመጀመሪያው እርከን አራት፣ ለሁለተኛው ስድስት፣ ለሦስተኛውና ለአራተኛው አምስት አምስት ሊሰጥ ይችላል። በእያንዳንዱ ሥር ሙሉ ነጥብ የሚያገኘው መልስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። በሁለተኛው እርከን ሙሉ ነጥብ «አንድ ደረጃ ይለያል፣ ከካርዱ ማስረጃ ይጠቅሳል፣ ሳይጠየቅ ምክንያቱን ይሰጣል» ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ነጥብ «ደረጃውን ይለያል፣ ምክንያቱን የሚሰጠው ተጠይቆ ነው»። «በራስ መተማመን» ወይም «ጥሩ አቀራረብ» የሚል ረድፍ ግን ቅጹ ውስጥ አይገባም።

ነጥቡ ተማሪው እንደወጣ፣ ቀጣዩ ሳይገባ ይሞላል። ከአንድ ጎበዝ ተማሪ በኋላ የገባ መካከለኛ ተማሪ ደካማ መስሎ ይታያል፤ የተጻፈ መስፈርት ይህን ይቀንሳል፤ ሁለት ፈታኞች ለየብቻ ሞልተው ከዚያ ቢነጋገሩ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። በሁለቱ መካከል ከሦስት ነጥብ የበለጠ ልዩነት ሲታይ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከተማሪው ሳይሆን ከመስፈርቱ ነው፤ «ምክንያት ይሰጣል» የሚለውን አንዱ ማንኛውንም ምክንያት፣ ሌላው ትክክለኛውን ብቻ ብሎ ተረድቶታል።

ጥያቄው ለተማሪ ከመቅረቡ በፊት ሴሚናሩን ለማያስተምር የሥራ ባልደረባ መቅረብ አለበት። ባልደረባው ቲሊን በደንብ የሚያውቅ ሆኖ ሁለተኛው እርከን ላይ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ካለ ጥያቄው አልጠራም። ቲሊን ሳያውቅ እስከ ሦስተኛው ከደረሰ ደግሞ ካርዱ መልሱን አፍስሷል፤ የንባቡ ጥቅም ጠፍቷል። ሁለቱም ስሕተቶች ከተማሪ ይልቅ ከባልደረባ ጋር ቢገኙ ይሻላል።

ፈተናው ካለቀ በኋላ ቅጾቹ ጥያቄውን ለማረም ይጠቅማሉ። ሁሉም ተማሪ አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ፍንጭ ካስፈለገው ጥፋቱ የጥያቄው ነው። ሁሉም የመጀመሪያውን ሁለት እርከን በቀላሉ ወጥቶ ሦስተኛው ላይ ከወደቀ በመካከላቸው አንድ እርከን ጎድሏል፤ ምናልባት «ቲሊ ይህን ታሪክ ቢሰማ ምን ይል ነበር?» የሚል ጥያቄ ያስፈልግ ይሆናል። የጎጃም ካርድ የደረሳቸው በአማካይ ከፖላንዶቹ ሦስት አራት ነጥብ ዝቅ ካሉ ካርዶቹ እኩል አልነበሩም ማለት ነው። መምህሩ ለዚያ ዓመት ልዩነቱን ከትምህርት ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ ያስተካክላል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በጎጃሙ ካርድ ላይ ርስት ምን እንደሆነና ልኬታ ለምን እንዳስፈራ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፤ ከዚያም ካርዱን እንደገና ለባልደረባው ያስነብባል።